የኮምባይነር ታሪፍ በአጋርፋ፦ ጭማሪው መጣ፣ ደንበኛውስ ይቆያል?
መቼ መናገር፣ በምን ቃል፣ በስንት ጊዜ እፎይታ

በባሌ ደጋ የቦና ስንዴ በሚሰበሰብባቸው የታኅሣሥና የጥር ወራት፣ ከሮቤ ተነስቶ ወደ አጋርፋና ወደ ጋሰራ የሚጓዝ ሰው በየማሳው ዳር የሚሰማው ክርክር አንድ ዓይነት ነው። ኮምባይነሩ ማሳው ዳር ቆሟል። ገበሬው ጆንያውን ደርድሯል። ኦፕሬተሩ ሞተሩን ሳያጠፋ “የዘንድሮው ዋጋ እንደ አምናው አይደለም” ይላል። ገበሬው ይከራከራል፣ ይቆጣል፣ በመጨረሻም ይከፍላል። ስንዴው ደርቋል፤ ሌላ ማሽን እስኪመጣ ቢጠብቅ ፍሬው ይረግፋል፣ ዝናብ ቢያገኘውም ይበላሻል።

በዚህ መልክ የተጨመረ ታሪፍ ለዚያ ቀን ያዋጣል። ገበሬው ግን በሚቀጥለው ዓመት ስልኩን ወደ ሌላ ባለ ኮምባይነር ይደውላል። ባለቤቱ ይህን የሚያውቀው ከአሰላ ወይም ከዶዶላ ማሽኑን በሎቤድ አስጭኖ አጋርፋ ከደረሰ በኋላ፣ የለመዳቸው ማሳዎች ታጭደው ሲያገኛቸው ነው። እንግዲህ ጥያቄው ታሪፍ መጨመር ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው አይደለም። ወጪ ሲጨምር ታሪፍ መጨመሩ አይቀርም። ጥያቄው የቆየውን ደንበኛ ሳያስቀይሙ እንዴት ይጨመራል የሚለው ነው።

ጭማሪው ስንት ነው?

ባለ ኮምባይነሮች ታሪፍ ሲጨምሩ በመጀመሪያ የሚጠሩት ምክንያት ናፍጣ ነው። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ግን በከፊል ብቻ። በመስከረም ወር መጨረሻ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ 90 ብር ከ28 ሳንቲም ሆኖ ነበር። በዚያው ዓመት በገና ሰሞን፣ ማለትም የቦናው አጨዳ በተጋጋለበት ጊዜ፣ ወደ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ከፍ አለ። በአንድ ሊትር 8 ብር ከ70 ሳንቲም ተጨመረ ማለት ነው። በሮቤና በአጋርፋ የማጓጓዣ ወጪ ስለሚታከልበት ዋጋው ከአዲስ አበባው ይበልጣል፤ የጭማሪው መጠን ግን ተቀራራቢ ነው። ከዚያ ወዲህም ዋጋው ባለበት አልቆመም።

ታዲያ ይህ ጭማሪ በአንድ ኩንታል አጨዳ ላይ ሲደርስ ስንት ይሆናል? አንድ መካከለኛ ኮምባይነር አንድ ሄክታር ስንዴ ለማጨድ ከ15 እስከ 20 ሊትር ናፍጣ ይፈጃል። ማሳው በሄክታር 40 ኩንታል ከሰጠ፣ ለአንድ ኩንታል የሚደርሰው ከግማሽ ሊትር አይበልጥም። ስለዚህ ናፍጣ በሊትር 8 ብር ከ70 ሲጨምር በኩንታል የሚጨምረው ወጪ ከ4 ብር ጥቂት ያለፈ ነው። “ናፍጣ ተወደደ” ብሎ በኩንታል 30 ወይም 40 ብር የጨመረ ባለቤት ምክንያቱን በትክክል አልተናገረም። ገበሬውም ይህን ያውቃል። እርሱም በትራክተር ያሳርሳል፣ በአይሱዙ እህል ያስጭናል፤ ናፍጣ ስንት እንደገባ ለማወቅ የሚያንሰው ነገር የለም።

ትልቁ ወጪ የሚገኘው ሌላ ቦታ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ 57 ብር አካባቢ ይመነዘር የነበረው የአሜሪካ ዶላር በአምስት ወር ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆኗል። የኮምባይነር ቺንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ቼይን፣ ቢላዋ፣ ፊልትሮና ጎማ በሙሉ ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ለናፍጣው በየቀኑ ይከፈላል፤ የመለዋወጫው ሂሳብ ግን የሚታየው አጨዳው አልቆ ማሽኑ ጋራዥ ሲገባ ነው። ከዚህም የተነሳ ብዙ ባለቤቶች የሚጠሩት የሚታያቸውን ወጪ እንጂ የሚጎዳቸውን አይደለም።

ስሌቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ለማስረጃነት የተመረጡ ስለሆኑ እያንዳንዱ ባለቤት በራሱ ደብተር ባለው ሊተካቸው ይገባል። አንድ ማሽን በአንድ ወቅት 6,000 ኩንታል ያጭዳል እንበል። ታሪፉ በኩንታል 200 ብር ነው። ለናፍጣ፣ ለኦፕሬተርና ለረዳት፣ ለደላላም ጭምር በኩንታል 80 ብር ይወጣል። የቀረው 120 ብር በ6,000 ኩንታል ሲባዛ 720,000 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ለመለዋወጫና ለጥገና፣ ለማጓጓዣና ለማሽኑ እርጅና በዓመት 600,000 ብር ይነሳል። ለባለቤቱ የሚተርፈው 120,000 ብር ነው።

አሁን ወጪው ይጨምር። ናፍጣው በኩንታል 4 ብር አከለ። ከ600,000 ብሩ ውስጥ 250,000 ብሩ የመለዋወጫ ወጪ ቢሆንና ይህ ወጪ በ70 በመቶ ቢያድግ፣ ተጨማሪው 175,000 ብር ነው፤ ለ6,000 ኩንታል ሲካፈል በኩንታል 29 ብር ይደርሳል። ድምሩ 33 ብር ነው። ባለቤቱ ታሪፉን ሳይጨምር ቢቀጥል የአምናው ትርፍ ጠፍቶ 79,000 ብር ይከስራል። በኩንታል 35 ብር ጨምሮ ታሪፉን 235 ብር ቢያደርግና አንድም ደንበኛ ባይሄድበት 131,000 ብር ያተርፋል፤ ከአምናው ጋር ሲነጻጸር ይህ ነው የሚባል ልዩነት የለውም። በሌላ አነጋገር የ35 ብሩ ጭማሪ ባለቤቱን ባለበት ያቆየዋል እንጂ አያበለጽገውም።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው፣ ባለቤቱ ለደንበኛው የሚናገረው ምክንያት የትኛው መሆን እንዳለበት መታወቁ ነው፤ አራቱ ብር የናፍጣ፣ ሃያ ዘጠኙ ብር የመለዋወጫ ነው። ሁለተኛው፣ ምን ያህል ሥራ ቢያጣ ጭማሪው ዋጋ ቢስ እንደሚሆንበት ነው። በ235 ብር ታሪፍ ከእያንዳንዱ ኩንታል 151 ብር ይቀረዋል። ታሪፉን ባይጨምር ከጠቅላላው ሥራ የሚቀረው 696,000 ብር ነበር። ይህን ገንዘብ በአዲሱ ታሪፍ ለማግኘት 4,600 ኩንታል ገደማ ማጨድ ይበቃዋል። እንግዲህ እስከ 1,400 ኩንታል ድረስ ቢቀንስበትም ካለመጨመር መጨመሩ ይሻለዋል፤ ከዚያ በላይ ካጣ ግን ባይጨምር ይሻለው ነበር። ታሪፍ ከመናገር አስቀድሞ ይህን ወሰን በደብተር ላይ ማስፈር ያስፈልጋል፤ በድርድር መሐል ስንት መልቀቅ እንደሚቻል የሚነግረው እርሱ ነውና።

መቼ ይነገር?

ገበሬ ከባለ ኮምባይነር የሚገዛው ስንዴው በደረሰበት ሳምንት ማሽን ማግኘትን ነው። ስለዚህ የታሪፉን ጭማሪ የሚመዝነው ተራውን የማግኘት ተስፋው ምን ያህል ነው ከሚለው ጋር አያይዞ ነው። ማሳ ዳር የተነገረ ጭማሪ የሚያስቆጣው መጠኑ በዝቶ ሳይሆን ገበሬው አማራጭ በሌለው ሰዓት ስለተነገረው ነው። ያው 35 ብር ከሁለት ወር በፊት ቢነገረው ከጎረቤቱ ጋር ይመክርበታል፣ ሌላ ማሽን ይጠይቃል፣ አብዛኛውን ጊዜም ተመልሶ ይመጣል። ሌላውም ባለቤት መለዋወጫ የሚገዛው ከዚያው ገበያ ነው።

በባሌ ደጋ ሁለት የምርት ወቅት መኖሩ የመናገሪያውን ጊዜ ያጠበዋል። የጋናው፣ ማለትም የበልጉ ሰብል፣ በሐምሌና በነሐሴ ይሰበሰባል፤ በዚያው ሰሞን የቦናው ማሳ ይዘራል። በእነዚህ ወራት ገበሬው ለማዳበሪያ፣ ለዘርና ለጸረ አረም ገንዘብ ያወጣል። ያን ጊዜ ስለ ታኅሣሥ አጨዳ ዋጋ ማንሳት ጆሮ አያገኝም፤ ቢያገኝም ከሌላው ወጪ ጋር ተደምሮ እንደ ሸክም ይቆጠራል። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ደግሞ ስንዴው ወደ መድረቅ ስለሚያዘነብል ነገሩ ማሳ ዳር ከሚነገረው ብዙም አይለይም።

ስለዚህ ለቦናው አጨዳ ተገቢው ጊዜ ስንዴው አሽቶ ማሳው ምን ያህል እንደሚሰጥ መገመት የሚቻልበት፣ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው። ገበሬው የሚጠብቀውን ኩንታል ስለሚያውቅ ጭማሪው በጠቅላላ ስንት እንደሚሆን ራሱ ማስላት ይችላል። ባለቤቱም ለማን ስንት ሄክታር እንዳለው በዚሁ አጋጣሚ ይመዘግባል። ለጋናው አጨዳ ደግሞ በተመሳሳይ ስሌት ከሰኔ መጀመሪያ ማሳለፍ አይገባም።

ሌላም መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ነገር አለ። አንዳንድ ባለቤቶች አምና የታጨደበትን ቀሪ ሂሳብ ሊሰበስቡ ሲሄዱ በዚያው አጋጣሚ አዲሱን ታሪፍ ይናገራሉ። አንድ መንገድ ይቆጥባል፤ ነገር ግን ዕዳ ያለበት ደንበኛ ጭማሪውን እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል። ሂሳቡ በአንድ ቀን ይዘጋ፣ ታሪፉ በሌላ ቀን ይነገር።

በምን ቃል?

በአጋርፋ የሚካሄደው ንግግር ብዙውን ጊዜ በኦሮምኛ ነው። ከሌላ አካባቢ የመጣ ባለቤት ጉዳዩን ለደላላው ወይም ለኦፕሬተሩ ትቶ ሲሄድ ይስተዋላል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። ደላላው የሚከፈለው ባገናኘው ኩንታል ስለሆነ፣ ጭማሪውን “እርሳቸው ናቸው ያሉት” ብሎ ከራሱ ላይ ያወርዳል፤ ወይም ሰው እንዳይሄድበት ሸራርፎ ይናገርና በአጨዳው ቀን ልዩነቱ ማሳ ዳር ይፈነዳል። የቆየ ደንበኛ ጭማሪውን ከባለቤቱ አፍ፣ በአካል ካልሆነም በስልክ መስማት ይኖርበታል። ቋንቋ የሚያስቸግረው ባለቤት አስተርጓሚ ይዞ ይሂድ፤ ራሱ ግን ይገኝ።

ንግግሩ አጭር ሊሆን ይገባል። አራት ነገር ይበቃዋል፦ አዲሱ ዋጋ፣ የጨመረበት ምክንያት በብር፣ የሚጀምርበት ቀንና ደንበኛው በምትኩ የሚያገኘው። ለአንድ በዕድሜ ለገፉ የቆዩ ደንበኛ የሚነገረው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

“ሐጂ፣ እንዴት ሰነበቱ? ቤተሰቡ፣ ከብቱ ደህና ነው? የመጣሁት ስለ አጨዳው ዋጋ ቀድሜ እንዳሳውቅዎት ነው። እስካሁን በኩንታል 200 ነበር። ከአሁን በኋላ 235 ሆኗል። አራቱ ብር የናፍጣ ነው፤ የቀረው ቺንጋና ኩሽኔታ የተወደደበት ነው፣ ደረሰኙ ይኸውና። እርስዎ የቆዩ ደንበኛዬ ስለሆኑ ለዚህ ቦና በ218 አጭድልዎታለሁ። በሚቀጥለው ወቅት ግን እንደ ሁሉም 235 ይሆናል። ተራዎን ዛሬ እመዘግባለሁ፤ ስንዴው በደረሰ በሳምንት ውስጥ ማሽኑ እዚህ ይቆማል።”

በዚህ ንግግር ውስጥ የሌሉትን ነገሮችም ልብ ማለት ያስፈልጋል። “ይቅርታ” አልተባለም፤ ይቅርታ የጠየቀ ሰው ጭማሪው አግባብ እንዳልሆነ ራሱ መስክሯል፣ ድርድሩም ከዚያ ይጀምራል። “ሁሉም ጨምሯል” አልተባለም፤ ይህ ቃል ደንበኛውን ሌላውን ሄዶ እንዲጠይቅ የሚልክ ነው። “ወደ 230፣ 240 ገደማ” አልተባለም፤ ያልተቆረጠ ዋጋ የሚታወሰው ለገበሬው በዝቅተኛው፣ ለባለቤቱ በከፍተኛው ነው። ስለ ባለቤቱ የባንክ ዕዳም አልተነሳም። የማሽኑ ዕዳ የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ ደንበኛው ዕዳ እንዲከፍል ሳይሆን ስንዴውን እንዲያሳጭድ ነው የሚጠየቀው።

ሌላው በቃሉ ውስጥ መግባት ያለበት የናፍጣው ጉዳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. የገና ሰሞን እንደታየው የናፍጣ ዋጋ በአጨዳው መካከል ሊለወጥ ይችላል። ታሪፉን በጥቅምት የተናገረ ባለቤት በታኅሣሥ መጨረሻ እንደገና ልጨምር ቢል ቃሉን አጠፈ ይባላል። መፍትሔው አስቀድሞ መስማማት ነው። አንድ ኩንታል ግማሽ ሊትር ከፈጀ፣ ናፍጣ በሊትር አንድ ብር ሲጨምር ታሪፉ በኩንታል 50 ሳንቲም ይጨምራል፤ ሲቀንስም እንዲሁ ይቀንሳል። ይህን ገበሬው ያለ ወረቀት በአእምሮው ሊያሰላው ይችላል። ይህ ስምምነት ያለው ባለቤት ለናፍጣ ሲል በታሪፉ ላይ አስቀድሞ መጠባበቂያ መጫን አያስፈልገውም።

የእፎይታው ጊዜ

ለቆዩ ደንበኞች አዲሱ ታሪፍ ወዲያው ሳይሆን ከጊዜ በኋላ እንዲጀምር ማድረግ በብዙ አገልግሎት ሰጪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። የአንድ ወቅት እፎይታ መስጠት ደንበኛው እንደተከበረ እንዲሰማው ያደርጋል፤ ለሚቀጥለውም እንዲዘጋጅ ጊዜ ይሰጠዋል። ነገር ግን እፎይታ ነፃ አይደለም፤ ዋጋው መሰላት አለበት።

ከላይ ወደ ተጠቀሰው ምሳሌ እንመለስ። ከ6,000 ኩንታሉ ውስጥ 4,000 ኩንታሉ የቆዩ ደንበኞች ነው እንበል። እነዚህ እያንዳንዳቸው ሁለት ሄክታር ማሳና 80 ኩንታል ያላቸው 50 ገበሬዎች ናቸው። ባለቤቱ ለእነርሱ የአምናውን 200 ብር ሙሉ በሙሉ ቢያቆይላቸው 140,000 ብር ያጣል፤ 131,000 ብሩ ትርፍ ጠፍቶ 9,000 ብር ይከስራል። ሙሉ እፎይታ ለዚህ ባለቤት አይቻልም። ግማሹን ማለትም 218 ብር ቢያስከፍላቸው ግን የሚያጣው 68,000 ብር ነው፤ 63,000 ብር ይተርፈዋል።

ይህ 68,000 ብር ያዋጣል ወይ? በአዲሱ ታሪፍ ከአንድ ኩንታል 151 ብር ስለሚቀር፣ 68,000 ብር የ450 ኩንታል ገቢ ነው፤ ወደ ስድስት ገበሬዎች ገደማ መሆኑ ነው። እንግዲህ ባለቤቱ ራሱን የሚጠይቀው ቀላል ጥያቄ ነው፦ እፎይታ ባልሰጥ ከሃምሳው ስንቱ ይሄድብኛል? ከስድስት በላይ ከሆኑ እፎይታው አዋጭ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ከሆኑ ግን ለሁሉም ቅናሽ ከመስጠት ለእነዚያ በተናጠል መነጋገር ይሻላል። ለገበሬው በኩል ደግሞ 35 ብሩ ለ80 ኩንታል 2,800 ብር ይሆናል፤ በእፎይታው ወቅት 1,440 ብር። በ2017 ዓ.ም. ገበያ ሁለቱም ከአንድ ኩንታል ስንዴ ዋጋ ያነሱ ነበሩ። አጨዳው በአንድ ሳምንት ዘግይቶ ማሳ ላይ የሚረግፈው ፍሬ ከዚህ ሊበልጥ ይችላል።

እፎይታው እንዳይበላሽ ሦስት ወሰን ያስፈልገዋል። የመጀመሪያው የቀን ወሰን ነው። “ለጊዜው በአምናው ሂሳብ” የተባለ እፎይታ ማብቂያ ስለሌለው ቋሚ ዋጋ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ዓመትም ጭማሪው እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ ማብቂያው ከመነሻው ጋር በአንድ ትንፋሽ መነገር አለበት፤ “ለዚህ ቦና ብቻ” እንደተባለው።

ሁለተኛው የመጠን ወሰን ነው። እፎይታው ደንበኛው አምና ላሳጨደው ሄክታር ያህል ብቻ ይሁን። ይህ ካልተደረገ የአንድ ደንበኛ ስም ለአጎትና ለአክስት ልጆች ማሳ ሁሉ መጠለያ ይሆናል፤ 4,000 የተባለው ኩንታል 5,500 ሆኖ ይገኛል። ቅናሹን በማሳ አቀማመጥ መወሰንም ይቻላል። ጎረቤታሞች ኩታ ገጠም ማሳቸውን በአንድ ላይ ካስመዘገቡ ማሽኑ ከቦታ ቦታ በመዘዋወር የሚያጠፋውን ጊዜና ናፍጣ ይቆጥባል። ለእነርሱ የሚሰጠው ቅናሽ ከባለቤቱ ኪስ ሳይሆን ከተቆጠበው ወጪ የሚመጣ ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የተራ ጉዳይ ነው። በአንድ ቀበሌ ውስጥ በ218 እና በ235 ብር የሚያሳጭዱ ሰዎች ሲኖሩ፣ ኦፕሬተሩ ወይም ደላላው 235 የሚከፍለውን ለማስቀደም ይፈተናል። የቆየው ደንበኛ ቅናሽ አግኝቶ ተራውን ካጣ፣ ከጭማሪው ይልቅ እፎይታው ይጎዳዋል፤ ስንዴው እየረገፈ የኋላ መጤ ማሳ ሲታጨድ ይመለከታልና። ተራው የሚወሰነው በምዝገባ ቀንና በስንዴው መድረስ እንጂ በታሪፍ አለመሆኑን ባለቤቱ ለኦፕሬተሩ በግልጽ ሊያዝዝ፣ ዝርዝሩንም በእጁ ሊሰጠው ይገባል።

ጭማሪው ተቀባይነት ማጣቱ በምን ይታወቃል?

የባሌ ገበሬ ጭማሪ ሲነገረው ፊት ለፊት “አልፈልግም” የሚልበት ጊዜ ጥቂት ነው። “እናያለን” ካለና ሄክታሩን ለማስመዝገብ ካመነታ ግን ሌላ ማሽን እየጠየቀ ነው ማለት ይቻላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊደወልለት ይገባል። ከተመዝጋቢዎቹ ብዛት የጎደለው 1,400 ኩንታል ከተባለው ወሰን ከቀረበ፣ አጨዳው ሳይጀመር ታሪፉን ማስተካከል ይቻላል፤ ቀድሞ የመናገር አንዱ ጥቅም ይህ ነው።

ሌላው ምልክት በጆንያው ላይ ይታያል። ክፍያው በጆንያ ቁጥር ከሆነ፣ ጭማሪው የከነከነው ሰው ጆንያውን አጥብቆ በመሙላት ሂሳቡን ያካክሳል። 100 ኪሎ መያዝ ያለበት ጆንያ 115 ኪሎ ከያዘ፣ 235 ብሩ በእውነተኛ ኩንታል ወደ 204 ብር ወርዷል። ጭማሪው ከሞላ ጎደል ጠፋ ማለት ነው። ሰባትና ስምንት ጆንያ ሚዛን ላይ አውጥቶ ማየት ነገሩን ይገልጠዋል። ያን ጊዜም ጠብ ከማንሳት ይልቅ የክብደቱን ልክ በምዝገባው ወቅት መስማማት ይበጃል።

በባለቤቱ በኩል ደግሞ ጭማሪውን የሚያጸናው የአጨዳው ጥራት ነው። ገበሬው ማሽኑ ካለፈ በኋላ ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ የቀረውን ፍሬ ይመለከታል። ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ 250 የስንዴ ፍሬ ከተገኘ በሄክታር አንድ ኩንታል ገደማ ፈሷል ማለት ነው። ፍሬው ገለባው በወደቀበት መስመር ስለሚበዛ፣ ከመስመሩ ላይም ከመስመሩ ውጭም ቆጥሮ ማማዘን ያስፈልጋል። ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ረግፎ የነበረውም ተለይቶ መቀነስ አለበት፤ እርሱ የኮምባይነሩ ጥፋት አይደለም። ኦፕሬተሩ ፍጥነቱን ቀንሶና ነፋሱን አስተካክሎ የሚፈሰውን በግማሽ ኩንታል ቢያሳንስ፣ ገበሬው ከሁለት ሄክታሩ አንድ ኩንታል ተጨማሪ ስንዴ ያስገባል፤ ይህም ከ2,800 ብሩ ጭማሪ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ቆጠራ ከደንበኛው ጋር አብሮ ያደረገ ባለቤት በሚቀጥለው ወቅት ሙሉውን 235 ብር ለመጠየቅ ብዙ ቃል አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ የማይሠራበት ሁኔታም አለ። ዋግ ወይም ድርቅ ማሳውን መትቶ ምርቱ በሄክታር ወደ 15 ኩንታል ከወረደ፣ ማሽኑ ያንኑ ሄክታር ዞሮ ያንኑ ናፍጣ ሊፈጅ ጥቂት ቀርቶት የሚያገኘው ክፍያ ከግማሽ በታች ይሆናል። በኩንታል የተደረገ ጭማሪ ይህን አያካክስም፤ በሄክታር ዝቅተኛ ክፍያ አስቀድሞ መስማማት ያስፈልጋል። በነፋስና በዝናብ ለተኛ ስንዴም እንዲሁ የተለየ ዋጋ መቆረጥ አለበት። ይህን ለብቻው ያልቆረጠ ባለቤት የጥቂት አስቸጋሪ ማሳዎችን ወጪ በሁሉም ደንበኞች ታሪፍ ላይ ይጭናል፤ መልካም ማሳ ያለው ደንበኛም የመጀመሪያው ሄያጅ ይሆናል። ወረዳው ወይም ዩኒየኑ ከባለ ኮምባይነሮች ጋር የተስማማበት ተመን ባለበት ቦታ ደግሞ የግል ጭማሪ ከዚያ ማለፍ ስለማይችል፣ ስሌቱን ይዞ መቅረብ የሚገባው ወደዚያው ስብሰባ ነው።

የአጋርፋው ገበያ ከሌላው የሚለየው ሻጭና ገዢ በዓመት ሁለት ጊዜ ተገናኝተው በመካከሉ ወራት የሚለያዩ በመሆናቸው ነው። ማሳ ዳር የተገኘችው 35 ብር በታኅሣሥ ትቆጠራለች፤ የጠፋው 80 ኩንታል ግን የሚታወቀው ከወራት በኋላ፣ ስልኩ ሳይጮህ ሲቀር ነው። በጥቅምት የተነገረ ዋጋ፣ በደረሰኝ የተደገፈ ምክንያትና ማብቂያው የታወቀ እፎይታ ይዞ የሄደ ባለቤት ያንን ስልክ ሳይጠብቅ የኅዳር መዝገቡን አይቶ ማሽኑን ያስጭናል።